ከስላይድ እስከ ስም፦ የባክቴሪያ መለያ ፍሎውቻርት አሠራር

ጠዋት ኢንኩቤተሩ ተከፍቶ ብለድ አጋር ላይ ያደገ ኮሎኒ ሲገኝ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛው ምርመራ ይቅደም?» የሚለው ነው። በእጅ ያለውን ሪኤጀንት ሁሉ በአንድ ኮሎኒ ላይ መሞከር ገንዘብና ጊዜ ይጨርሳል። ከዚያ የሚከፋው ግን ያለቦታው የተሠራ ምርመራ የሚያሳስት ውጤት መስጠቱ ነው። ባሲትራሲን ዲስክ ዙሪያ የታየ ንጹሕ ቀለበት ቤታ ሄሞሊሲስ ላለው ስትሬፕቶኮከስ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ሄሞሊሲሱ ካልታወቀ ግን ያው ቀለበት ምንም አይነግረንም። ፍሎውቻርት የሚሠራው ይህን ተራ ለማስያዝ ነው፤ እያንዳንዱ ምርመራ ትርጉም የሚኖረው ከበላዩ ያለው ጥያቄ በትክክል ከተመለሰ ብቻ ነው።

እዚህ የክብ ባክቴሪያዎችን ማለትም የኮኪን ቅርንጫፍ ከላይ እስከ ታች እንሠራለን፤ በመጨረሻም ከማጅራት ገትር ሕመምተኛ የተወሰደ የጀርባ ፈሳሽ እናሳልፍበታለን። የዘንግ ቅርጽ ያላቸው ባክቴሪያዎች በተመሳሳይ መንገድ ስለሚሠሩ በአጭሩ እናልፋቸዋለን።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ኤ3 ወረቀት በወርዱ አስቀምጡና በእርሳስ ጀምሩ። ለጥያቄ ወይም ለምርመራ የአልማዝ ቅርጽ፣ ለስም አራት ማዕዘን ሳሉ። ከላይ ወደ ታች ሦስት እርከን ይኖረዋል፦ የግራም ቀለም፣ ቅርጽና አደራደር፣ ከዚያ ቁልፍ ምርመራዎች። እያንዳንዱን አልማዝ ቁጥር ስጡት፤ ውጤት ሲመዘገብ «4 ላይ ፖዘቲቭ» ብሎ መጻፍ ስለሚቻል በኋላ ስሕተት ሲፈለግ ቁጥሩ ብዙ ያግዛል።

በአልማዙ ውስጥ የምርመራውን ስም ብቻ ጽፎ መተው በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው። ከስሙ ሥር አራት ነገር ይግባ፦ ኮሎኒው ከየትኛው ሚዲያ እንደሚወሰድ፣ በስንት ሰዓት ወይም ሴኮንድ ውስጥ እንደሚነበብ፣ ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ ማን እንደሆነ፣ ኔጌቲቭ ኮንትሮሉስ ማን እንደሆነ። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፤ የመመለሻ ቀስቶቹ በቀይ እስክሪብቶ የሚሳሉት እዚያ ነው።

ከላይ በአንዱ ጥግ ትንሽ ሣጥን ሳሉና ይህ ቻርት የማይመለከታቸውን ጻፉ። የቲቢ ባክቴሪያና ዘመዶቹ ግድግዳቸው ሰም መሰል ስለሆነ ግራም በአግባቡ አይቀልማቸውም፤ ዚል ኒልሰን ያስፈልጋቸዋል። ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ የለውም። የቂጥኝ መንስኤ የሆነው ትሬፖኔማ ደግሞ በጣም ቀጭን በመሆኑ በተራ ማይክሮስኮፕ በግራም አይታይም። ስላይዱ ላይ ምንም ባክቴሪያ አለመታየቱ ናሙናው ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ አንባቢው ከዚህ ሣጥን ይረዳል።

በቻርቱ አናት ላይ ደግሞ አንድ ቅድመ ሁኔታ በጉልህ ይጻፍ፦ «ከንጹሕ ካልቸር ብቻ»። ሁለት ዓይነት ኮሎኒ የተቀላቀለበት ሳህን ወደ ቻርቱ ከገባ የአንዱ ካታሌዝ ከሌላው ሄሞሊሲስ ጋር ይጣመርና በዓለም ላይ የሌለ ባክቴሪያ ይወጣል። ጥርጣሬ ካለ አንዱን ኮሎኒ ለብቻው በአዲስ ሳህን ላይ ዘርቶ አንድ ሌሊት መጠበቅ ይሻላል።

አልማዝ 1፦ የግራም ቀለም

ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ዘዴውን በ1884 (እ.ኤ.አ.) አሳተመ፤ እስካሁን የመለያው የመጀመሪያ በር እሱ ነው። የሁሉም ቅርንጫፍ መነሻ ስለሆነ እዚህ የተፈጠረ ስሕተት ከታች ያለውን ሥራ በሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ ብዙ ጥንቃቄ የሚገባው እዚህ ነው።

1. በንጹሕ ስላይድ ላይ አንድ ትንሽ ጠብታ ሳላይን አድርጉ። ከ18 እስከ 24 ሰዓት ዕድሜ ካለው ካልቸር የሉፑን ጫፍ ብቻ ነክታችሁ በጠብታው ውስጥ በስሱ አሰራጩ። ሲደርቅ ከሥሩ የጋዜጣ ጽሑፍ ማንበብ ካልተቻለ ወፍሯል።
2. በአየር ይድረቅ። ከዚያ ስላይዱን ሁለት ሦስት ጊዜ በነበልባል ላይ አሳልፉ፤ ወይም ሜታኖል አፍስሳችሁ አድርቁ። ሳይደርቅ የተለበለበ ስላይድ የሕዋሱን ቅርጽ ያፈርሳል።
3. ክሪስታል ቫዮሌት 1 ደቂቃ፤ በቀስታ በሚወርድ ውኃ እጠቡ።
4. አዮዲን 1 ደቂቃ፤ እጠቡ።
5. ስላይዱን አዘንብሉና አሴቶን አልኮል ከላይ አንጠባጥቡ። ከስላይዱ የሚወርደው ፈሳሽ ሐምራዊነቱን እንዳቆመ ወዲያው በውኃ አጥቡ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው።
6. ሳፍራኒን ከ30 ሴኮንድ እስከ 1 ደቂቃ፤ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በ100 ኦብጀክቲቭ ከኢመርሽን ኦይል ጋር አንብቡ።

አዮዲኑ ከክሪስታል ቫዮሌት ጋር ተጣምሮ በሕዋሱ ውስጥ ትልቅ ውህድ ይሠራል። ግራም ፖዘቲቮቹ ወፍራም የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ ስላላቸው አልኮሉ ግድግዳውን ሲያደርቀውና ሲያጠብቀው ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል፤ ሐምራዊ ሆነው ይቀራሉ። ግራም ኔጌቲቮቹ ግን ውጫዊ ሽፋናቸው በአልኮሉ ይሟሟል፤ ግድግዳቸውም ስስ ስለሆነ ቀለሙን አይዙም፣ በሳፍራኒን ሮዝ ይሆናሉ። ሁሉም ነገር 5ኛው እርምጃ ላይ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። አልኮሉ ከቆየ ግራም ፖዘቲቩም ሮዝ ይሆናል፤ ካነሰ ወይም ስሚሩ ከወፈረ ግራም ኔጌቲቩ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል።

ስሕተቱ የባክቴሪያው ይሁን የእጃችን ለማወቅ አንዱ መንገድ በዚያው ስላይድ ላይ በግራና በቀኝ ጫፍ ኮንትሮል ማድረግ ነው፦ በአንዱ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ በሌላው ኢሼሪኪያ ኮላይ። ስታፊሎኮከሱ ሮዝ ከሆነ መሐል ያለው ናሙና አይነበብም፤ ስላይዱ ይደገማል። ከበሽተኛ ቀጥታ በተወሰደ ስሚር ላይ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ራሳቸው ኮንትሮል ናቸው፤ ኒውክለሳቸው ሮዝ መሆን አለበት። ሐምራዊ ከሆነ አልኮሉ አንሷል።

ኮንትሮሉ ልክ ሆኖም ናሙናው የሚያጠራጥርበት ጊዜ አለ። ያረጀ ካልቸር፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት የነካው ባክቴሪያ፣ በተለይም ኒሞኮከስ የያዙትን ቀለም በቀላሉ ይለቃሉ። ኒሞኮከስ ራሱን የሚያፈርስ ኢንዛይም ስላለው ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ኮሎኒ ውስጥ ግማሹ ሕዋስ ሐምራዊ፣ ግማሹ ሮዝ ሆኖ ይታያል። በተቃራኒው አሲኔቶባክተር ግራም ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ ቀለሙን አጥብቆ ስለሚይዝ ሐምራዊ ኮከስ መስሎ ያልፋል። ለዚህ ከአልማዝ 1 አጠገብ ትንሽ የማረጋገጫ አልማዝ ጨምሩ፦ የ3% ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ምርመራ። በስላይድ ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ሞላ ያለ ኮሎኒ አሹበትና ሉፑን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡ። በ1 ደቂቃ ውስጥ ክር መሳብ ከጀመረ ግራም ኔጌቲቭ ነው፤ አልካሊው ስሱን ግድግዳ አፍርሶ ዲ.ኤን.ኤው ስለሚወጣ ነው የሚጎተተው። ግራም ፖዘቲቩ እንደ ውኃ ይቀራል።

አልማዝ 2፦ ቅርጽና አደራደር

የክብ ባክቴሪያ አደራደር ሕዋሱ ሲከፈል በስንት አቅጣጫ እንደሚከፈል ያሳያል። ስታፊሎኮከስ በተለያየ አቅጣጫ ስለሚከፈል ይከማቻል፤ ስትሬፕቶኮከስ በአንድ አቅጣጫ ስለሚከፈል ሰንሰለት ይሠራል። ኒሞኮከስ ሁለት ሁለት ሆኖ ጫፉ ሾጠጥ ይላል። ናይሴሪያም ሁለት ሁለት ነው፤ ነገር ግን የሚነካኩበት ጎን ጠፍጠፍ ያለ ስለሆነ እንደ ሁለት የቡና ፍሬ ፊት ለፊት ይቀመጣል።

ከአጋር ላይ በተወሰደ ኮሎኒ አደራደሩን ማመን አያስፈልግም፤ በሉፕ ስናሸው ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፣ ሌላውም ተጨፍልቆ ክምችት ይመስላል። አደራደር በደንብ የሚታየው ከፈሳሽ ሚዲያ ወይም ከናሙናው በቀጥታ በተሠራ ስሚር ላይ ነው። ስለዚህ ቻርቱ ላይ ከ«ክምችት» እና ከ«ሰንሰለት» ሁለት የማይገናኙ ቅርንጫፎች አታውጡ። «ግራም ፖዘቲቭ ኮኪ» በሚል አንድ መስመር ወደ ካታሌዝ ይውረድ፤ አደራደሩ በጎን እንደ ድጋፍ ብቻ ይጻፍ። ይህ በብዙ ቻርቶች ላይ ተገልብጦ የሚገኝ ነገር ነው።

አልማዝ 3፦ ካታሌዝ

ስታፊሎኮከስን ከስትሬፕቶኮከስና ከኢንቴሮኮከስ የሚለየው ይህ ነው። በእንጨት ስንጥር ወይም በፕላስቲክ ሉፕ የኮሎኒውን አናት ብቻ ነክታችሁ በደረቅ ስላይድ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ አንድ ጠብታ 3% ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጨምሩበት። ወዲያው አረፋ ከወጣ ፖዘቲቭ ነው። ፍንጣቂው ወደ አየር እንዳይወጣ ስላይዱን በፔትሪ ሳህን ክዳን መሸፈን ጥሩ ልማድ ነው።

ውሸተኛ ፖዘቲቭ ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ከሚዲያው ነው፤ ቀይ የደም ሕዋስ ራሱ ካታሌዝ ስላለው ከብለድ አጋር ኮሎኒ ስንወስድ ትንሽ አጋር ከተፋቀ ይፈላል። ሁለተኛው ከብረቱ ነው፤ ብረት ያለበት ሉፕ ከፐርኦክሳይዱ ጋር ሲነካካ አረፋ ያወጣል። የኮሎኒውን ቅደም ተከተል መገልበጥም ያሳስታል፤ ሉፕን ፐርኦክሳይዱ ውስጥ ማጥለቅ ሳይሆን ፐርኦክሳይዱን ኮሎኒው ላይ ማፍሰስ ነው ትክክሉ። ዘግይቶ የሚወጣ ጥቂት አረፋ ካያችሁ ፖዘቲቭ አትበሉት፤ አንዳንድ ኢንቴሮኮከስ እንዲህ ያደርጋል። ፐርኦክሳይድ ክፍት ሲሆንና ብርሃን ሲመታው ስለሚደክም በየቀኑ በስታፊሎኮከስ ኦሪየስና በአንድ ስትሬፕቶኮከስ ይፈተሽ።

አልማዝ 4፦ ኮአጉሌዝ

ካታሌዝ ፖዘቲቭ የሆነው ወደዚህ ይወርዳል። ፈጣኑ የስላይድ ዘዴ በባክቴሪያው ላይ የተጣበቀውን ክፍል ያያል፤ በሳላይን የተበጠበጠ ኮሎኒ ላይ የጥንቸል ፕላዝማ ጠብታ ሲጨመር በ10 ሴኮንድ ውስጥ ይጓጉላል። አጠገቡ ያለ ፕላዝማ የሌለበት ሳላይንም ከጓጎለ ግን ባክቴሪያው በራሱ የሚሰበሰብ ነውና ውጤቱ አይነበብም። የስላይድ ኔጌቲቭ ሁሉ በቱቦ ይረጋገጣል፦ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ ያለበት 0.5 ሚሊ ሊትር የጥንቸል ፕላዝማ ውስጥ ጥቂት ኮሎኒ በጥብጡ፣ 37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ አስቀምጡ፣ 4 ሰዓት እስኪሞላ በየሰዓቱ ቱቦውን በቀስታ አዘንብላችሁ እዩ፣ ካልረጋ እስከ 24 ሰዓት ጠብቁ።

በየሰዓቱ ማየት የሚያስፈልገው አንዳንድ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የረጋውን መልሶ የሚያሟሟ ኢንዛይም ስላለው ነው። ማታ አስገብቶ ጠዋት ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ኔጌቲቭ ብሎ ይጽፋል። ሲትሬት ያለበት ፕላዝማ ደግሞ አይመረጥም፤ ሲትሬቱን የሚበላ ባክቴሪያ ካልሲየሙን ነጻ አውጥቶ ፕላዝማው ያለ ኮአጉሌዝ እንዲረጋ ያደርጋል።

ኮአጉሌዝ ፖዘቲቩ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ይባላል። ኔጌቲቩ ከደም ወይም ከቁስል ከሆነ «ኮአጉሌዝ ኔጌቲቭ ስታፊሎኮከስ» ተብሎ ይቆማል። ከሽንት ከሆነ ብቻ አንድ አልማዝ ይጨመርለታል፦ 5 ማይክሮግራም ኖቮባዮሲን ዲስክ። በሙለር ሂንተን አጋር ላይ ቀለበቱ 16 ሚ.ሜ. ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ስታፊሎኮከስ ሳፕሮፊቲከስ ነው። ከሌላ ናሙና ይህን ማድረግ አይጠቅምም፤ ኖቮባዮሲንን የሚቋቋሙ ሌሎች ስታፊሎኮከሶች ስላሉ ስሙ ይሳሳታል።

አልማዝ 5፦ ሄሞሊሲስ

ካታሌዝ ኔጌቲቩ ወደ ስትሬፕቶኮከስ ጎን ይሄዳል። የሚነበበው 5% የበግ ደም ባለበት አጋር ላይ፣ ሳህኑን ወደ ብርሃን አንሥቶ ከኋላው በማየት ነው። ከኮሎኒው ሥር ያለው ደም ሙሉ በሙሉ ጠርቶ ከታየ ቤታ፣ አረንጓዴ ከሆነ አልፋ፣ ምንም ካልተለወጠ ጋማ ይባላል። የበግ ደም ሲጠፋ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም መጠቀም ፈታኝ ነው፤ በውስጡ ፀረ እንግዳ አካላትና የመድኃኒት ቅሪት ሊኖር ስለሚችል ዕድገቱን ይገታል፣ ሄሞሊሲሱንም ያደበዝዛል። ይህ አልማዝ በሰው ደም ከተነበበ ከታች ያሉት ሁሉ መሠረት የላቸውም።

ቤታው ወደ ባሲትራሲን ይሄዳል፤ 0.04 ዩኒት ባለው ዲስክ ዙሪያ ቀለበት ከታየ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጅንስ ሊሆን ይችላል። ቡድን ሲ እና ጂም አንዳንዴ ስለሚነኩ «ሊሆን ይችላል» የሚለው ቃል ቻርቱ ላይ ይቆይ፤ ፒ.ዋይ.አር ምርመራ ካለ ያጸናዋል። ቀለበት ከሌለ የካምፕ ምርመራ ይሠራል፤ ከስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መስመር ጎን በቀጥተኛ ማዕዘን ሳይነካካ ሲዘራ የቀስት ራስ ቅርጽ ያለው ጥራት ከወጣ ስትሬፕቶኮከስ አጋላክቲየ ነው። ጋማው ደግሞ ባይል ኤስኩሊንን ካጠቆረና 6.5% ጨው ባለበት ፈሳሽ ካደገ ኢንቴሮኮከስ ነው። ኢንቴሮኮከስ አልፋ ሆኖም ሊታይ ስለሚችል ከአልፋው ጎን ወደዚህ የሚያመጣ ቀይ ቀስት ይኑር።

አልማዝ 6፦ ኦፕቶቺን

አልፋው ሁለት ዋና መዳረሻ አለው፦ ሕይወት የሚያጠፋው ኒሞኮከስ እና አፍ ውስጥ በሰላም የሚኖሩት ቪሪዳንስ ስትሬፕቶኮከሶች። ንጹሕ ኮሎኒ በብለድ አጋር ላይ በደንብ ዘርታችሁ 6 ሚ.ሜ. ስፋት ያለውን 5 ማይክሮግራም የኦፕቶቺን ዲስክ አስቀምጡ። ለ18 እስከ 24 ሰዓት 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት፣ እሱ ከሌለ ሻማ በተለኮሰበት ማሰሮ ውስጥ ይቆይ። ቀለበቱ ዲስኩን ጨምሮ 14 ሚ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኒሞኮከስ ነው። ከ7 እስከ 13 ሚ.ሜ. ከሆነ በባይል መሟሟቱ ይታያል። ቀለበት ከሌለ ቪሪዳንስ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ የቀለበቱን ስፋት ያሳንሰዋል፤ የ14 ሚ.ሜ. መስመርም የተሠመረው ለዚያ ሁኔታ ነው። ሳህኑ በተራ አየር ውስጥ ከገባ ቀለበቱ ይሰፋና ቪሪዳንሱ ኒሞኮከስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። የባይል ምርመራው ቀላል ነው፦ ኮሎኒውን በ1 ሚሊ ሊትር ሳላይን አድፍርሱ፣ በሁለት ቱቦ እኩል ክፈሉ፣ በአንዱ 0.5 ሚሊ ሊትር 2% ሶዲየም ዲኦክሲኮሌት፣ በሌላው 0.5 ሚሊ ሊትር ሳላይን ጨምሩ፣ 37 ዲግሪ ላይ እስከ 2 ሰዓት አቆዩ። የባይሉ ቱቦ ጠርቶ የሳላይኑ እንደደፈረሰ ከቀረ ኒሞኮከስ ነው። ሁለቱም ከጠሩ ባክቴሪያው በራሱ ፈርሷልና ከአዲስ ካልቸር ይደገማል።

አልማዝ 7፦ ግራም ኔጌቲቭ ዲፕሎኮኪ

በዚህ ጎን ቁልፉ ኦክሲዴዝ ነው። በማጣሪያ ወረቀት ላይ አዲስ ሪኤጀንት አርጥቡ፣ ከቾኮሌት ወይም ከብለድ አጋር የተወሰደ ኮሎኒ በእንጨት ስንጥር አሹበት፤ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ጥቁር ሐምራዊ ከሆነ ፖዘቲቭ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ቀለም አይቆጠርም፤ ሪኤጀንቱ በአየር ውስጥም በራሱ ይጠቁራል። ኦክሲዴዝ ፖዘቲቩ በስኳር ይለያል፦ ግሉኮስና ማልቶስን አሲድ ካደረገ ናይሴሪያ መኒንጃይቲዲስ፣ ግሉኮስን ብቻ ከሆነ ናይሴሪያ ጎኖሪያ ነው።

ቻርቱን ሳይስሉ በጽሑፍ ለመያዝ ለሚፈልግ የኮኪው ቅርንጫፍ እንዲህ ይጠቃለላል፦

1. ሐምራዊ → 3፤ ሮዝ → 7፤ የሚያጠራጥር → ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ
2. አደራደር → በጎን ይመዝገብ
3. ካታሌዝ ፖዘቲቭ → 4፤ ኔጌቲቭ → 5
4. ኮአጉሌዝ ፖዘቲቭ → ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፤ ኔጌቲቭ → ከሽንት ከሆነ ኖቮባዮሲን
5. ቤታ → ባሲትራሲን፤ ካልሆነ ካምፕ። አልፋ → 6። ጋማ → ባይል ኤስኩሊንና ጨው
6. ኦፕቶቺን 14 ሚ.ሜ.+ → ኒሞኮከስ፤ ከ7 እስከ 13 → ባይል፤ ቀለበት የለም → ቪሪዳንስ
7. ኦክሲዴዝ ፖዘቲቭ → ስኳር፤ ኔጌቲቭ → ወደ 1 ተመለሱ

የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው «ተመለሱ» ነው ቀዩ ቀስት። ለምን እንደሚያስፈልግ በአንድ ናሙና እንየው።

አንድ የጀርባ ፈሳሽ በቻርቱ ውስጥ

በበጋው ወራት ትኩሳት፣ ትውከትና የአንገት መገተር ካለው ልጅ የጀርባ ፈሳሽ መጣ እንበል። ፈሳሹ ደፍርሷል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም አልገባም፤ ናይሴሪያም ሆነ ኒሞኮከስ በቅዝቃዜ ስለሚሞቱ ይህ ትክክል ነው። ከሴንትሪፉጁ ዝቃጭ ስሚር ተሠርቶ ተቀለመ፤ ብዙ ነጭ የደም ሕዋሳትና ጥንድ ጥንድ የሆኑ ሮዝ ኮኪ ታዩ። ቻርቱ ወደ 7 ይመራል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ስለሆነች «መኒንጎኮከስ» የሚለው ስም ወዲያው ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ሲባልም ለጤና ቢሮ ማሳወቅንና ቅርብ ለነበሩ ሰዎች መከላከያ መድኃኒት መስጠትን ያስከትላል።

በማግሥቱ በብለድ አጋርና በቾኮሌት አጋር ላይ ዕድገት አለ፤ ማክኮንኪ ላይ የለም። ይህ ለናይሴሪያም ለኒሞኮከስም ይስማማል። በ7 ላይ ኦክሲዴዝ ሲሠራ 10 ሴኮንድ አልፎ ቀለም የለም፤ ኮንትሮሉ ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ግን ወዲያው ጠቁሯል። ሪኤጀንቱ ደኅና ነው ማለት ነው። ግራም ኔጌቲቭ ዲፕሎኮከስ ሆኖ ኦክሲዴዝ ኔጌቲቭ የሚሆን ናይሴሪያ የለም፤ ስለዚህ ቀዩ ቀስት ወደ 1 ይመልሰናል።

ብለድ አጋሩ በብርሃን ሲታይ በኮሎኒዎቹ ዙሪያ አረንጓዴ አለ፣ መሐላቸውም ሰርጎድ ብሏል። ከአዲሱ ካልቸር ስሚር ተሠርቶ፣ በጎኑ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ተደርጎ ሲቀለም ጥንዶቹ ሐምራዊ ሆኑ። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱም ክር አልሳበም። የትናንቱ ስላይድ ከልክ በላይ አልኮል ነክቶታል፤ ኮንትሮል አጠገቡ ስላልነበረ አልታወቀም። ነጭ የደም ሕዋሳቱ ሮዝ መሆናቸው ደግሞ በዚህ አቅጣጫ አይረዳም፤ አልኮል ቢያንስ እንጂ ቢበዛ አይጠቁሙም።

አሁን ከ3 ወደ ታች፦ ካታሌዝ ኔጌቲቭ፣ 5 ላይ አልፋ፣ 6 ላይ የኦፕቶቺን ቀለበት 12 ሚ.ሜ.። መሐል ላይ ወድቋል። የባይሉ ቱቦ በ30 ደቂቃ ጠራ፣ የሳላይኑ እንደደፈረሰ ቀረ። ውጤት፦ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ። ቁጥሮቹ ስለተመዘገቡ ስሕተቱ 1 ላይ እንደነበረ በግልጽ ይታያል፤ ለክፍሉ የተነገረው የመጀመሪያ ሪፖርትም በዚያው ሰዓት በስልክና በጽሑፍ ይታረማል።

ከዚህ የሚወጣው አሠራር ቀላል ነው፦ ከእያንዳንዱ ስም ሣጥን በፊት በሌላ መርሕ የሚሠራ ቢያንስ አንድ ምርመራ ይኑር፤ እሱ ካልተስማማ ደግሞ ወዴት እንደሚመለሱ ቀስቱ አስቀድሞ ይሳል።

ዘንጎቹን በአጭሩ

ለግራም ኔጌቲቭ ዘንጎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልማዞች ኦክሲዴዝና በማክኮንኪ ላይ ያለው የላክቶስ ቀለም ናቸው። ኦክሲዴዙ ከማክኮንኪ ላይ በተወሰደ ኮሎኒ አይሠራም፤ ላክቶስ ያፈላው ባክቴሪያ የፈጠረው አሲድ ምላሹን ያሳስታል፣ ስለዚህ ከብለድ አጋር ይወሰድ። ኦክሲዴዝ ኔጌቲቭ ሆኖ ሮዝ ኮሎኒ ያለው ወደ ኢንዶልና ሲትሬት ይሄዳል፦ ኢንዶል ፖዘቲቭና ሲትሬት ኔጌቲቭ ኢሼሪኪያ ኮላይ፣ የተገላቢጦሹ ሆኖ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ክሌብሲየላ ኒሞኒየ። ቀለም አልባው ወደ ዩሪያና ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይሄዳል፤ ዩሪያን ቶሎ ሰብሮ በብለድ አጋር ላይ ማዕበል የሚሠራ ፕሮቲየስ ነው። ዩሪያን ካልሰበረ ሳልሞኔላና ሺጌላ ይጠረጠራሉ፤ እነዚህ ደግሞ ያለ ሴረም ምርመራ ስማቸው አይጻፍም።

ቻርቱን መፈተሽ

ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ስማቸው የሚታወቅ ባክቴሪያዎችን በቁጥር ብቻ ምልክት አድርጋችሁ ቻርቱን ላልሳለው ባልደረባ ስጡት። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ 25923፣ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ 12228፣ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጅንስ 19615፣ ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒየ 49619፣ ኢንቴሮኮከስ ፊካሊስ 29212፣ ኢሼሪኪያ ኮላይ 25922 እና ፕሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ 27853 ዋና ዋናዎቹን ቅርንጫፎች ይሸፍናሉ። ባልደረባው የትኛው አልማዝ ላይ ቆሞ እንደጠየቀ ያዙ፤ ጥያቄ የተነሳበት ቦታ ሁሉ አልማዙ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር አለ። ካረማችሁ በኋላ በእስክሪብቶ ገልብጡ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከማይክሮስኮፑ አጠገብ ስቀሉት። አዲስ የዲስክ ወይም የሪኤጀንት ስብስብ በተከፈተ ቁጥር የሚመለከተው አልማዝ ብቻ በኮንትሮሎቹ ይደገማል።